31 ሺህ ማለት 31 ሺህ ሰው አይደለም፦ ኢምፕሬሽን፣ ሪችና ቪው

ደብረ ብርሃን ውስጥ ለሱቆች፣ ለሆቴሎችና ለአነስተኛ አምራቾች ቪዲዮ እሠራለሁ። ሥራዬ ቀርጾ ኤዲት አድርጎ ማስረከብ ብቻ አይደለም። ቪዲዮው ከተለቀቀ በኋላ ቁጥሩን አንብቦ ለባለቤቱ ማስረዳትም የእኔ ድርሻ ነው። ከደንበኛ ጋር ጭቅጭቅ የሚነሳው ደግሞ በቀረጻው ጥራት ሳይሆን በቁጥሩ ነው። "ይኼን ያህል ሺህ ሰው አይቶት እንዴት አንድ ሰው አይደውልም?" የሚለው ጥያቄ በብዙ ሥራ ላይ ይገጥመኛል።

ጥያቄው ተገቢ ነው። ችግሩ "ይኼን ያህል ሺህ ሰው" የሚለው ላይ ነው። ያ ቁጥር ምን እንደቆጠረ ማንም አልጠየቀም። ይህን ነገር በደንብ ያሳየኝ አንድ የባና ቪዲዮ ስለሆነ በእሱ ልናገር።

ደንበኛዬ የባና ሱቅ ያላቸው እናት ናቸው። የመንዝ በግ ጸጉር ያስመጣሉ፣ ሴቶች ይፈትሉላቸዋል፣ ሸማኔ ያሠሩታል። የሚፈልጉት ገዢ በዋናነት አዲስ አበባ ያለ ሰው ነው። በጉ ሲሸለት ጀምሮ ባናው ከሸማኔው እጅ እስኪወጣ ድረስ ያለውን 11 ደቂቃ በሚሆን ቪዲዮ ሠራሁላቸውና ዩቲዩብ ላይ ለቀቅነው። ከዚያው ላይ አንድ ደቂቃ የምትሆን ቆርጠን፣ ብዙ ተከታይ ላለው የፌስቡክ ፔጅ ከፍለው አስለጠፉት።

ከአራት ሳምንት በኋላ ስልካቸውን ይዘው መጡ። የፔጁ ሰው ስክሪንሾት ልኮላቸዋል። ከሥሩ "31 ሺህ ሰው ጋ አድርሰንልዎታል" ብሎ ጽፏል። የዩቲዩቡ ቪዲዮ በዚያን ጊዜ ወደ 4,100 ቪው ነበረው።

"ልጄ፣ ያንተው አራት ሺህ፣ የእነሱ ሠላሳ አንድ ሺህ" አሉኝ። "ታዲያ እኔ ላንተ ያን ሁሉ ብር ለምን ከፈልኩ?"

"እትዬ፣ ይቀመጡ፣ ሁለቱንም አብረን እንያቸው" አልኳቸው።

መጀመሪያ የገባሁት ወደ ስሌቱ አልነበረም። እሳቸው ሱቃቸው በር ላይ ባና ይሰቅላሉ። ስለዚህ እንዲህ ብዬ ነገርኳቸው። በገበያ ቀን በሱቅዎ ፊት ሰው ይተላለፋል። አንዱ ሰውዬ ጠዋት ሲወጣ፣ ቀን ሲመለስ፣ ማታ ሲገባ ያንን ባና ሦስት ጊዜ ያየዋል። ባናው ለዓይን የገባበትን ጊዜ ሁሉ ከቆጠሩ ሦስት ነው፤ ይህ ኢምፕሬሽን ነው። ስንት ሰው አየው ብለው ከቆጠሩ ግን አንድ ነው፤ ይህ ሪች ነው። ወደ ውስጥ የገባውን ከቆጠሩ ደግሞ ቪው ነው። ገብቶ ዞር ብሎ የወጣውም፣ ቁጭ ብሎ ዋጋ የጠየቀውም እኩል አንድ ይቆጠራል።

"እሺ፣ ታዲያ የትኛውን ነው የላኩልኝ?" አሉ። ቁልፉ ጥያቄ ይህ ነው። መልሱ ያለው ስክሪንሾቱ ላይ ከቁጥሩ አጠገብ በተጻፈው ትንሽ ጽሑፍ ውስጥ ነው።

31 ሺህ አጠገብ የተጻፈው Views ነበር። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ምክንያቱም ፌስቡክ መለኪያውን ቀይሯል። የፌስቡክና የኢንስታግራም ባለቤት ሜታ እ.ኤ.አ. በ2024 Views የሚለውን ዋና መለኪያ አድርጎ ለፎቶም፣ ለጽሑፍም፣ ለቪዲዮም አንድ አድርጎታል። ይዘቱ የታየበት ወይም መጫወት የጀመረበት ጊዜ ሁሉ ይቆጠራል። ቪዲዮ ደግሞ ፌስቡክ ላይ ማንም ሳይነካው ራሱ ይጀምራል። ሰውየው በጣቱ ወደ ታች እያሳለፈ ቪዲዮው አንድ አፍታ ከተንቀሳቀሰ ተቆጥሯል። ያው ሰው ማታ እንደገና ካለፈበት እንደገና ይቆጠራል። ስለዚህ ይህ ቁጥር ስሙ ቪው ቢሆንም ጠባዩ ድሮ ኢምፕሬሽን ለምንለው ይቀርባል።

ፔጁን ሙሉውን የዳሽቦርድ ገጽ እንዲልኩ ጠየቅን። ትንሽ አንገራግረው ላኩት። እዚያ ላይ የሰዎች ቁጥር ወደ 9 ሺህ ነበር። ይህን አንዳንድ ስክሪን Reach ይለዋል፣ አንዳንዱ Viewers። ቢያንስ ሦስት ሴኮንድ የታየበት ጊዜ ወደ 3,800 ነበር፤ እሱ 3-second views በሚል ተለይቶ ይቀመጣል። አማካይ የቆይታ ጊዜው ስድስት ሴኮንድ ገደማ ነበር።

ስለዚህ "31 ሺህ ሰው" የተባለው 9 ሺህ ሰው ነው። ከ31 ሺህው ጊዜ ውስጥ ደግሞ ቪዲዮው ለሦስት ሴኮንድ እንኳን የታየው 3,800 ጊዜ ነው። ስልክ ቁጥራቸው የተጻፈው ደግሞ ቪዲዮው መጨረሻ ላይ ነበር። በስድስት ሴኮንድ በጉ ገና አልተሸለተም።

የፔጁ ሰው የፈጠራ ቁጥር አልላከም። ቁጥሩ እውነተኛ ነው። ስህተቱ "ሰው" የሚለው ቃል ላይ ነው። ማስታወቂያ የምትከፍሉ ሁሉ እዚህ ቃል ላይ ቆም ብላችሁ ጠይቁ። በሺህ የሚቆጠረው ነገር ሰው ነው ወይስ ጊዜ?

ከዚያ የቻናል ባለቤት የቪዲዮውን ቁጥር ወደሚያይበት ወደ ዩቲዩብ ስቱዲዮ ገባን። እዚህ ነገሩ ትንሽ ይለያል። ብዙ ሰው የፌስቡኩን ትርጉም ይዞ ስለሚመጣ ቀስ ብዬ ላስረዳ።

ዩቲዩብ ላይ ኢምፕሬሽን የሚቆጠረው ተምኔሉ ሲታይ ነው። ተምኔል ማለት ቪዲዮው ሳይከፈት የሚታየው ምስል ነው። የሚቆጠረውም ቢያንስ ግማሹ ስክሪን ላይ ወጥቶ ከአንድ ሴኮንድ በላይ ከቆየ ነው። በፍጥነት ያለፈበት ሰው አይቆጠርም። ከዚህ ከታየበት ውስጥ በመቶ ስንቱ እንደተከፈተ የሚነግረው Impressions click-through rate ይባላል፤ እኛ ሲቲአር እንለዋለን።

ስቱዲዮ ውስጥ Reach የሚል ገጽ አለ። ነገር ግን እዚያ ገጽ ላይ ሪች የሚባል ቁጥር አታገኙም። የሰው ብዛት የሚነግረው Unique viewers ነው። ልዩነቱ ይኸውና፦ የፌስቡክ ሪች ቪዲዮው ፊታቸው ላይ ያለፈባቸውን ሰዎች ይቆጥራል፤ የዩቲዩቡ ግን ቪዲዮውን ከፍተው ያዩትን ሰዎች ብቻ ነው። ተምኔሉን አይቶ ያለፈ ሰው ዩቲዩብ ላይ በሰው ቁጥር ውስጥ የለም። ስለዚህ የፌስቡክን 9 ሺህ ሪች ከዩቲዩብ 2,900 ዩኒክ ቪወር ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ "ይኼ ይበልጣል" ማለት አይቻልም። አንደኛው ከበሩ ውጭ ያለውን ሰው ቆጥሯል፣ ሌላኛው የገባውን።

የባናው ቪዲዮ ቁጥር በአራት ሳምንት ይህን ይመስል ነበር። ኢምፕሬሽን 52 ሺህ፣ ሲቲአር 3 በመቶ፣ ቪው 4,100፣ ዩኒክ ቪወር 2,900፣ አማካይ የቆይታ ጊዜ አራት ደቂቃ ከአሥር ሴኮንድ።

እትዬ ቁጥር ይችላሉ፤ ነጋዴ ናቸው። የ52 ሺህ 3 በመቶ ስንት እንደሆነ ወዲያው አሰቡት። "አንድ ሺህ አምስት መቶ ስድሳ ነው። አራት ሺህ አንድ መቶው ታዲያ ከየት መጣ?"

ይህ ጥያቄ እኔን በጣም ደስ አሰኝቶኛል። ቁጥሮቹ የማይገጥሙበት ቦታ ላይ ነው ቪዲዮው በምን መንገድ እንደሄደ የሚታየው። ዩቲዩብ ኢምፕሬሽን ብሎ የሚቆጥረው በራሱ ገጾች ላይ የታየውን ተምኔል ነው። መነሻ ገጽ ላይ፣ ፍለጋ ውስጥ፣ ከሌላ ቪዲዮ ጎን ወይም ሥር ሲቀርብ፣ ሰብስክራይብ ያደረጉት ገጽ ላይ፣ ፕሌይሊስት ውስጥ ሲታይ ይቆጥራል። ከዩቲዩብ ውጭ በሊንክ የመጣ ሰው ግን ኢምፕሬሽን የለውም። ኖቲፊኬሽን ነክቶ የገባም የለውም። በሌላ ቪዲዮ መጨረሻ ላይ ከሚወጣው ሳጥን የገባም እንዲሁ። እነዚህ ሁሉ ቪው ውስጥ አሉ፣ ኢምፕሬሽን ውስጥ ግን የሉም።

የትራፊክ ምንጩን ስንከፍት ወደ 1,900 የሚሆነው ቪው External በሚለው ውስጥ ተገኘ። ዝርዝሩ ሲከፈት አብዛኛው ቴሌግራም ነበር። የመንዝ ተወላጆች ግሩፖች ውስጥ ሰው ለሰው ሲቀባበሉት ነበር። ቀሪው ኖቲፊኬሽን፣ የሌሎች ቪዲዮዎቼ መጨረሻ፣ ደግሞም Direct or unknown የሚለው ነው። ይህ የመጨረሻው ውስጥ ከመተግበሪያ ወደ መተግበሪያ ሲከፈት ምንጩ የጠፋበት ሊንክ ይገባል፤ ስለዚህ ከቴሌግራም የመጣው ከ1,900ም ሊበልጥ ይችላል።

እኛ አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሊንክ በቴሌግራም መላክ ልማዳችን ስለሆነ የብዙ ሰው ቻናል ቪው ከፍ ብሎ ኢምፕሬሽኑ አነስተኛ ይሆናል። እንዲህ ዓይነት ቪዲዮ ስታዩ የሚነግራችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሰው ወዶት እያጋራው ነው። ሁለተኛ፣ ዩቲዩብ ራሱ ገና ብዙም እያቀረበው አይደለም። ግሩፑ ዝም ሲል ቪውም ይቆማል። ስለዚህ የቪው ቁጥር ስላማረ ብቻ "ቪዲዮው በራሱ እየሄደ ነው" ብሎ መደምደም አይቻልም።

ስለ ቴሌግራም ካነሳሁ አይቀር፣ ቻናል ላይ ከፖስቱ ሥር ያለችው የዓይን ምልክት የቪዲዮ ቪው አይደለችም። ፖስቱ ስክሪን ላይ ሲወጣ ትቆጥራለች። ፎርዋርድ ሲደረግም የተላከበት ቦታ ያለው ይደመርበታል። ቪዲዮው ይጫን አይጫን አታውቅም። ብዙ የቴሌግራም ማስታወቂያ ዋጋ የሚነገረው በዚህች ዓይን ስለሆነ ልብ በሉ። ቪዲዮውን አውርዶ በፋይል ቴሌግራም ላይ የለጠፈ ሰው ካለ ደግሞ እዚያ ያየው ሁሉ ዩቲዩብ ላይ ጭራሽ አይቆጠርም።

ቀጥሎ እትዬን ያሳሰባቸው ሲቲአሩ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት 6 በመቶ እንደነበር ነግሬያቸው ነበርና ወደ 3 መውረዱን ሲያዩ "ሰው ሰለቸው ማለት ነው?" አሉ።

አልሰለቸውም። በመጀመሪያው ሳምንት ኢምፕሬሽኑ 7 ሺህ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ዩቲዩብ ያሳየው በአብዛኛው የእኔን ቻናል ለሚያውቁ ሰዎች ነው። እነሱ የደብረ ብርሃንና የመንዝ ነገር ስለሚፈልጉ ይከፍታሉ። የ7 ሺህ 6 በመቶ 420 ነው። በቀጣዮቹ ሦስት ሳምንታት ግን ቪዲዮውን እኛን ለማያውቁ ሰዎችም ማሳየት ጀመረ። ኢምፕሬሽኑ በ45 ሺህ ጨመረ፣ ሲቲአሩ ወደ 2.5 በመቶ ወረደ። የ45 ሺህ 2.5 በመቶ ከ1,100 በላይ ነው። መቶኛው ወረደ፣ የተከፈተበት ጊዜ ድምር ግን ከ1,500 በላይ ደረሰ። ኢምፕሬሽን ሲሰፋ ሲቲአር መውረዱ የተለመደ ነው፤ ዩቲዩብ ራሱም በመመሪያው ይህን ያስረዳል። የሚያሳስበው ሁለቱም አብረው ሲወርዱ ነው።

"ታዲያ ጥሩ ሲቲአር ስንት ነው?" የሚለውን ሁሉም ይጠይቃል። ዩቲዩብ ያስቀመጠው፣ ከቻናሎችና ከቪዲዮዎች ግማሹ ከ2 እስከ 10 በመቶ መካከል ነው የሚል ነው። ይህ በጣም ሰፊ ስለሆነ ለአንድ ቪዲዮ ብዙም አይረዳም። እኔ የማደርገው በምንጭ ለይቶ ማየት ነው። የባናው ቪዲዮ በፍለጋ በኩል 7 በመቶ ነበረው። "ባና" ብሎ የፈለገ ሰው ባና ሲያይ መክፈቱ አይገርምም። መነሻ ገጽ ላይ ግን 1.8 በመቶ ብቻ ነበር። እዚያ ሰው ምንም አልፈለገም፤ የእኛ ተምኔል ከዜናውም ከድራማውም ጋር ተደርድሮ ነው ዓይን የሚጠብቀው። ከኢምፕሬሽኑ ከግማሽ በላይ የመጣው ደግሞ ከመነሻ ገጽ ነበር። ስለዚህ መነካት ያለበት ቦታ ታወቀ። ቪዲዮው ለሰው እየቀረበ ነው፣ የሚያየው ሰው ግን አይከፍተውም። ችግሩ ተምኔሉና ርዕሱ ላይ ነው ማለት ነው።

ቪዲዮው ውስጥ ችግር እንደሌለ ያወቅሁት ከቆይታ ጊዜው ነው። ከ11 ደቂቃ ውስጥ በአማካይ አራት ደቂቃ ከአሥር ሴኮንድ እየታየ ነበር። ከፍቶ የገባ ሰው ይቆያል። የቆይታ ጊዜው 40 ሴኮንድ ቢሆን ኖሮ ተምኔሉን ማሳመር ነገሩን ያብሰው ነበር። ብዙ ሰው ይከፍታል፣ ወዲያው ይወጣል፣ ዩቲዩብም ማቅረቡን ይቀንሳል። "ጉድ ተመልከቱ" የሚሉ ተምኔሎች በመጀመሪያው ቀን ቪው አምጥተው ወዲያው የሚሞቱት በዚህ ምክንያት ነው። እባካችሁ ሲቲአርን ያለ ቆይታ ጊዜ ብቻውን አትመልከቱ።

በዚያው አጋጣሚ ሁለቱን ማስታወቂያዎች በአንድ ነገር አወዳደርን፤ በታየበት ሰዓት። ፌስቡኩ 31 ሺህ ጊዜ በስድስት ሴኮንድ ሲባዛ 52 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ዩቲዩቡ 4,100 ጊዜ በአራት ደቂቃ ከአሥር ሴኮንድ ሲባዛ 285 ሰዓት ገደማ ነው። ቪዲዮዎቹ ርዝመታቸው ስለሚለያይ ይህም ፍጹም ንጽጽር አይደለም። የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ አራት ደቂቃ ሊታይ አይችልም። ግን እትዬ የጠየቁትን ጥያቄ በደንብ ይመልሳል። የሸማኔውን ሥራ ያየው፣ ጸጉሩ ከየት እንደመጣ የሰማው ሰው ያለው በአራት ሺህው በኩል ነው።

"አራት ሺህ ቪው ማለት ግን አራት ሺህ ሰው አይደለም አይደል?" አሉ። አሁን ራሳቸው መጠየቅ ጀምረዋል። አዎ፣ አይደለም። ዩኒክ ቪወሩ 2,900 ስለሆነ አንዳንዱ ሰው ደጋግሞ አይቶታል። ይህ ለዚህ ቪዲዮ መልካም ምልክት ነው፤ ረጅም ቪዲዮ ተመልሶ የሚያይ ሰው ነገሩን ፈልጎታል። በተቃራኒው ቪው ሺህ ሆኖ ሰው 200 ብቻ ከሆነ የሚያዩት የሱቁ ቤተሰቦች ናቸው ብዬ እጠረጥራለሁ።

ይህ የሰው ቁጥር ግምት መሆኑንም ነገርኳቸው። ዩቲዩብ አንድ ሰው በስልክም በቴሌቪዥንም ቢያይ አንድ ለማድረግ ይሞክራል፤ በአካውንቱ ሳይገባ የሚያየውንም ይገምታል። በአንድ ስልክ ዙሪያ የተሰበሰቡ አምስት ሰዎች ግን አንድ ናቸው። ገጠር ላለ ቤተሰብ እንዲህ አብሮ ማየት የተለመደ ስለሆነ የእኛ አካባቢ ቁጥር ከእውነተኛው ሊያንስ ይችላል። ሌላው፣ የቀናትን ዩኒክ ቪወር አትደምሩ። ሰኞ 200፣ ማክሰኞ 200 ከሆነ በሁለቱ ቀን 400 ሰው ላይሆን ይችላል፤ ማክሰኞ የመጡት ሰኞም የነበሩ ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለቱን ቀን አንድ ላይ መርጣችሁ ስቱዲዮው ራሱ ያስላው።

ተምኔሉን ቀየርን። የመጀመሪያው ሱቁን ከሩቅ የሚያሳይ ፎቶ ነበር፤ ላዩ ላይ ረጅም ጽሑፍ ነበረው። በስልክ ሲታይ ባናው ጠቆር ያለ ነገር ብቻ ነው የሚመስለው። በአዲሱ ላይ የሸማኔውን እጅና የባናውን ጥቁርና ነጭ ጸጉር ከቅርብ አደረግን፣ ጽሑፉን ወደ ሁለት ቃል አሳጠርነው። ርዕሱን አልነካነውም። ሁለቱን አንድ ላይ ከቀየሩ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም። ከዚያ ጥቂት ጊዜ ጠበቅን፤ የኢምፕሬሽን ዳታ ስቱዲዮ ላይ እስኪደርስ አንድ ሁለት ቀን ስለሚዘገይ በማግስቱ ከፍቶ መፍረድ አይቻልም። የመነሻ ገጽ ሲቲአሩ ከ1.8 ወደ 3 በመቶ ገደማ ወጣ። የቆይታ ጊዜው አልወረደም። ሁለተኛው ነው እኔን ያረጋጋኝ፤ አዲሱ ምስል ሰውን በውሸት አላስገባም።

ዩቲዩብ በኮምፒውተር በኩል እስከ ሦስት ተምኔል አስገብቶ ራሱ እንዲያወዳድር የሚያደርግ መሣሪያም አለው። አሸናፊውን የሚመርጠው በሲቲአር ሳይሆን በየትኛው ተምኔል ብዙ ሰዓት እንደታየ ነው። ኢምፕሬሽኑ ትንሽ ለሆነ ቻናል ግን ውጤት እስኪሰጥ ይቆያል፤ አንዳንዴም አሸናፊ ሳይለይ ያልቃል።

ስለ ቲክቶክና ስለ ዩቲዩብ ሾርትስ አጠር አድርጌ ልበል። እነዚህ ላይ በአብዛኛው የሚከፈት ተምኔል የለም፤ ቪዲዮው ጣት ሲያሳልፍ በራሱ ይጀምራል። ስለዚህ ሲቲአር ብሎ ነገር እዚያ ትርጉም የለውም። ቲክቶክ ላይ ቪዲዮው እንደጀመረ ቪው ይቆጠራል። ሾርትስም እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 31 ቀን 2025 ጀምሮ እንዲሁ ሆኗል፤ ሲጀምርም ሲደገምም ይቆጥራል። የድሮው አቆጣጠር Engaged views በሚል ስም ስቱዲዮ ውስጥ ይገኛል፤ ዩቲዩብም ለክፍያ የሚጠቀመው እሱን ነው። ከዚያ ቀን በኋላ የሾርትስ ቪዋችሁ ድንገት ከፍ ብሎ ከነበረ ከፊሉ ምክንያት ይኼ ሊሆን ይችላል። ሾርትስ ላይ መታየት ያለበት ስንት ሰው ቆሞ አየ፣ ስንቱ አሳለፈው የሚለው ነው።

ከዚያ ወዲህ ከፔጆች ጋር ስንስማማ የምጠይቀውን እትዬም አሁን ራሳቸው ይጠይቃሉ። ስክሪንሾቱ የቁጥሩን ስምና የቀኑን ክልል ማሳየት አለበት። የሰው ብዛት፣ የሦስት ሴኮንድ ቪው እና አማካይ ቆይታ አብረው ይላኩ። በክፍያ ቡስት የተደረገ ከሆነም በገንዘብ የመጣውና በራሱ የመጣው ይለይ። ይህን አልልክም ያለ ፔጅ ጋር እሳቸው አይሠሩም።

አንድ ነገር ግን ከሦስቱም ቁጥሮች ውስጥ አይገኝም። ስንት ሰው ደወለ የሚለው ነው። እትዬ የኢትዮ ቴሌኮምም የሳፋሪኮምም ሲም አላቸው። አንደኛውን ቁጥር ለዩቲዩብ ቪዲዮው ብቻ፣ ሁለተኛውን ለፌስቡኩ ብቻ አደረግነው። የፌስቡኩንም ቪዲዮ እንደገና ቆርጠን ስልኩንና ዋጋውን ከመጀመሪያዋ ሴኮንድ ጀምሮ ከታች አስገባን። አሁን ስልክ ሲጠራ የትኛው ሲም እንደሆነ አይተው ደብተራቸው ላይ በየአምዱ ያሰምራሉ። በዩቲዩቡ የሚደውለው ሰው ስለ ጸጉሩና ስለ ክብደቱ ጠይቆ ይገዛል። በፌስቡኩ የሚደውለው በቁጥር ይበዛል፣ የሚጠይቀውም መጀመሪያ ዋጋ ነው።